ዕቃ ከፎቶ ላይ ስታጠፉ መጀመሪያ ከጀርባው ያለውን እዩ፦ ክሎን፣ ሂል፣ ፓች ወይስ ጄኔሬቲቭ?

«ሽቦ ለማጥፋት የትኛው ቱል ይሻላል?» «ሰው ለማጥፋትስ?» ፎቶሾፕ የሚማሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህን ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከጥያቄው ነው። ቱል የሚመረጠው በሚጠፋው ዕቃ አይደለም። ዕቃው ሲነሳ በቦታው መታየት ባለበት ነገር ነው። ያው አንድ ሽቦ ሰማይ ላይ ሲሆን በአንድ ምት ይጠፋል። ቆርቆሮ ላይ ሲሆን በዚያው ቱል ብትሞክሩት ቆርቆሮው እንደ ሰም ይቀልጣል።

ስለዚህ አንድ ፎቶ ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሥራው። የምርቃት ቀን ቤት ጊቢ ውስጥ የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ ነው፤ 6000 በ4000 ፒክስል። ከእናትየው በስተግራ የመብራት ስታንድ ፍሬም ውስጥ ቀርቷል። አናቱ ላይ ያለው ጃንጥላ ግማሹ ሰማይ ላይ፣ ግማሹ የጎረቤት ዛፍና የጣሪያ ማዕዘን ላይ ነው። ዘንጉ በቆርቆሮ አጥር ፊት ይወርዳል። መሃል ላይ የእናትየውን የነጠላ ጥለት በጥቂቱ ይሸፍናል። እግሮቹ ቄጤማ የተጎዘጎዘበት መሬት ላይ ተዘርግተዋል። አንድ ዕቃ ነው፤ ከጀርባው ያለው ግን አምስት ዓይነት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ አራቱ ቱሎች ምን ያደርጋሉ?

ክሎን ስታምፕ ያየውን እንዳለ ይገለብጣል። ቀለሙን፣ ብርሃኑን፣ ቴክስቸሩን፣ ቆሻሻውን ሳይቀር።

ሂሊንግ ብራሽ የሚገለብጠው ቴክስቸሩን ብቻ ነው። ቀለሙንና ብርሃኑን የሚወስደው ከምትቀቡበት ቦታ ዙሪያ ነው። ጥንካሬውም ድክመቱም እዚህ ላይ ነው። ዙሪያው ለስላሳና ተመሳሳይ ከሆነ ድንቅ ይሠራል። ዙሪያው ላይ ጥቁር ጠርዝ ካለ ግን ጥቁሩን ስቦ ያስገባዋል።

ፓች ያው ሂሊንግ ነው፤ ልዩነቱ በብራሽ ሳይሆን በሴሌክሽን መሥራቱ ነው። ሰፊ ቦታ ሲሆን ይመቻል።

ጄኔሬቲቭ ፊል አይገለብጥም። ዙሪያውን አይቶ አዲስ ነገር ይሥላል። ስለዚህ ከፎቶው ውስጥ የሚገለበጥ ነገር ሲጠፋ ይጠቅማል። እውነተኛው ነገር ምን እንደሚመስል እያወቃችሁ እሱን መጠቀም ግን ያስቀጣችኋል።

ደረጃ 1፦ ሌየሮቹን አዘጋጁ

1. ፎቶውን ክፈቱና `Ctrl+J` ብላችሁ ቅጂ ሥሩ። ማክ ላይ ከሆናችሁ በ`Ctrl` ፈንታ `Cmd`፣ በ`Alt` ፈንታ `Option` ተጠቀሙ። የታችኛውን ዋናውን አትንኩት።
2. ከላይ ባዶ ሌየር ጨምሩ። ስሙን «ጠርዝ» በሉት። ለቆርቆሮው፣ ለሰማዩና ለሌሎቹም እያንዳንዳቸው ባዶ ሌየር ይኑራቸው። አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ሳትነኩ ታጠፉታላችሁ።
3. ክሎን ስታምፕንና ሂሊንግ ብራሽን ስትመርጡ ከላይ ባለው መስመር `Sample` የሚለውን `Current & Below` አድርጉት። በ`Current Layer` ከተተወ ባዶ ሌየር ላይ ምንም አይቀባላችሁም። «ቱሉ አይሠራም» ከሚሉኝ ሰዎች የብዙዎቹ ችግር ይህ ነው።
4. ዙሙን 100% ላይ አድርጉ። 33% ላይ ያማረ ሥራ ሲታተም ጉዱ ይወጣል።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን በጀርባው ከፋፍሉት

ስታንዱን እንደ አንድ ዕቃ አትዩት። ከላይ እስከ ታች በዓይናችሁ ሂዱና በየቦታው ቆም ብላችሁ እነዚህን ጠይቁ።

- ከጀርባው ያለው ለስላሳ ነው ወይ? ቀለሙ ቀስ እያለ ይቀየራል? ሰማይ፣ የተቀባ ግድግዳ፣ ቆዳ እንደዚህ ናቸው። ሂል።
- የሚደጋገም ሥርዓት አለው ወይ? ቆርቆሮ፣ ሸክላ ንጣፍ፣ ብሎኬት፣ ጥለት። ክሎን።
- ሻካራ ሆኖ ሥርዓት የለውም ወይ? ሣር፣ ቄጤማ፣ ጠጠር፣ አፈር። ፓች።
- ከጀርባው ያለው ነገር ሌላ ቦታ ላይ ፈጽሞ አይታይም ወይ? ጄኔሬቲቭ።

መልሱ የሚቀየርበትን ቦታ ልብ በሉ። ሰማዩ ከቆርቆሮው አናት ጋር የሚገናኝበት፣ ቆርቆሮው ከመሬት ጋር የሚገናኝበት፣ ዘንጉ ነጠላውን የሚነካበት። ሥራው የሚበላሸው ሁልጊዜ በነዚህ መገናኛዎች ላይ ነው። ስለዚህ ከነሱ እንጀምራለን።

ደረጃ 3፦ መገናኛዎቹን መጀመሪያ በክሎን ሥሩ

1. ክሎን ስታምፕን በ`S` አውጡ። የብራሹን `Hardness` ከ60 እስከ 80% አድርጉ። ጠርዙ ራሱ በፎቶው ላይ ስለታም ከሆነ ወደ 80፣ ትንሽ ከደበዘዘ ወደ 60።
2. `Aligned` የሚለውን ምልክት አድርጉበት።
3. የአጥሩ አናት ከሰማይ ጋር በሚለያይበት መስመር ላይ፣ ከስታንዱ ትንሽ ራቅ ብላችሁ፣ `Alt` ይዛችሁ ልክ መስመሩ ላይ ጠቅ አድርጉ።
4. ብራሹን ዘንጉ መስመሩን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ አምጡ። በብራሹ ውስጥ የሚታየው ቅድመ እይታ ከመስመሩ ጋር ሲገጥም ቀቡ።
5. ከመስመሩ በላይና በታች 20 ፒክስል ያህል ንጹህ ቦታ እስክታገኙ ቀጥሉ። ከዚያ አቁሙ።

ይህ 20 ፒክስል በኋላ ለሚመጣው ሂሊንግ አጥር ይሆንለታል። በሁሉም መገናኛዎች ላይ እንዲሁ አድርጉ።

መስመሩ ደረጃ ሠርቶ ከተሰበረ `Ctrl+Z` ብላችሁ ናሙናውን እንደገና ውሰዱ። በላዩ ላይ ደጋግሞ መቀባት መስመሩን ያወፍረዋል እንጂ አያስተካክለውም።

ደረጃ 4፦ ሰማዩን በሂል

ሰማይን በክሎን አትሥሩ። ጥርት ያለ ሰማይ አንድ ቀለም ይመስላል እንጂ ወደ አድማሱ ሲወርድ እየነጣ ይሄዳል። ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ ናሙና ወስዳችሁ ብትቀቡ ጠቆር ያለ ጥገና ሆኖ ይታያል። ሂል ግን ብርሃኑን ከዙሪያው ስለሚወስድ ይህን ችግር ራሱ ይፈታዋል።

1. ለቀጫጭኖቹ የጃንጥላ ዘንጎች ስፖት ሂሊንግ ብራሽን አውጡ። `Content-Aware` እና `Sample All Layers` ይመረጡ። የብራሹ ስፋት ከዘንጉ ትንሽ ብቻ ይብለጥ።
2. ለሰፊው የጃንጥላ ክፍል በላሶ ምረጡና `Edit > Content-Aware Fill` ክፈቱ። አረንጓዴው ሽፋን ናሙና የሚወሰድበትን ያሳያል። ከሰማይ በቀር ሌላው ሁሉ፣ ዛፍም ቆርቆሮም፣ ከአረንጓዴው ውስጥ በብራሹ ይጥፋ። `Sample All Layers` ን ምረጡ፤ `Output To` የሚለውን `New Layer` አድርጉና እሺ በሉ።

ከተበላሸ፦ ሰማዩ ውስጥ ጥቁር ጭስ የመሰለ ነገር ከገባ ብራሹ የአጥሩን ጠርዝ ነክቷል ማለት ነው። መልሱት። በሰማዩ በኩል ልክ በጠርዙ ላይ የሚሄድ ሴሌክሽን ሥሩና በሴሌክሽኑ ውስጥ ብቻ ሂል አድርጉ። ሂሊንግ ብራሽ ከሴሌክሽኑ ውጭ ያለውን ቀለም ስቦ አያስገባም።

ለማረጋገጥ፦ ከሁሉም በላይ የ`Curves` ሌየር ጨምሩና መስመሩን ወደ ላይና ወደ ታች ሞገድ እንዲሠራ አጥብቃችሁ ጎትቱት። ፎቶው አስቀያሚ ይሆናል። ዓላማውም ይኸው ነው፤ ዓይን ያላየው ደመናማ ጠባሳ ወዲያው ይወጣል። አስተካክሉና ሌየሩን አጥፉት።

ደረጃ 5፦ ቆርቆሮውን በክሎን

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንሂድ።

ቆርቆሮ ጉብታና ስርጉድ ነው። ጉብታው ላይ ብርሃን፣ ስርጉዱ ላይ ጥላ አለ። ሂል እዚህ ላይ ሲገባ የብርሃኑንና የጥላውን ልዩነት «ላስተካክለው» ብሎ ያቀልጠዋል። ፓችም ያው ነው። እንዳለ የሚገለብጥ ቱል ያስፈልጋል፤ ያ ክሎን ነው።

1. አዲሱን ባዶ ሌየር ምረጡ። ዘንጉ ከሸፈነው ጉብታ ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት ጉብታ ራቅ በሉ። ልክ አጠገቡ ካለው አትውሰዱ፤ ጎን ለጎን የቆሙ መንታዎች ቶሎ ይታወቃሉ።
2. `Alt` ይዛችሁ በጣም የበራው የጉብታው መስመር ላይ ጠቅ አድርጉ። መሃል በግምት አትበሉ። የሚታወቅ ነጥብ ይሁን።
3. ብራሹን በተሸፈነው ቦታ፣ የበራው መስመር መሆን ባለበት ላይ አምጡ። ርቀቱን መለካት ከፈለጋችሁ ከጉብታ እስከ ጉብታ ስንት ፒክስል እንደሆነ በ`Ruler Tool` እዩ። በዚህ ፎቶ 46 ነበር። ስለዚህ ናሙናዬ በ92 ወይም በ138 ፒክስል መራቅ ነበረበት። በ115 ብወስደው ጉብታው ስርጉድ ላይ ይወድቅ ነበር።
4. ከላይ ወደ ታች ረዥም ምት ቀቡ። `Aligned` ስለተመረጠ ብታቆሙና ብትቀጥሉም ርቀቱ አይቀየርም።

አጥሩ ፊት ለፊት ካልቆመና ወደ ጥግ እየራቀ ከሄደ ጉብታዎቹ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ `Window > Clone Source` ክፈቱ። `W` የሚለውን ቁጥር ከ100% ወደ 97 ወይም 95 ዝቅ አድርጉና `Show Overlay` የሚለውን ምረጡ። የሚገለበጠው ነገር ብራሹ ላይ ይታያችኋል። መስመር ለመስመር ሲገጥም ቀቡ።

ከተበላሸ፦ ሁለት ነገር ሊያጋጥም ይችላል። የመጀመሪያው ሥርዓቱ ገጥሞ ብርሃኑ አለመግጠሙ ነው። ፀሐይ ከአንድ ጎን ስትመታ አጥሩ በአንድ በኩል ይበራል፤ የገለበጣችሁት ክፍል ጠቆር ይላል። ሂል አታድርጉት። በዚህ ሌየር ላይ የ`Curves` ሌየር ጨምሩ፤ በሁለቱ ሌየሮች መካከል `Alt` ይዛችሁ ጠቅ አድርጉና ለሱ ብቻ እንዲሠራ አስሩት። ከዚያ መሃሉን በጥቂቱ ከፍ አድርጉ። ባዶ ሌየር ላይ መሥራታችን የጠቀመን አሁን ነው።

ሁለተኛው ምስማርና ዝገት ነው። ያው የዝገት ጠብታ በ138 ፒክስል ልዩነት ሁለት ቦታ ከታየ ተነቃባችሁ። ከሁለቱ አንዱን በትንሽ ስፖት ሂሊንግ አጥፉ፤ ብራሹ ከአንድ ጉብታ ስፋት አይለፍ። ምስማሩን ግን ከማጥፋታችሁ በፊት አጥሩን እዩ። ምስማሮች በአግድም መስመር የተመቱ ከሆነ መኖሩ ተፈጥሯዊ ነው። ተውት።

ደረጃ 6፦ ቄጤማውን በፓች

ቄጤማ የተበታተነ ነው። አንዱ ዘለላ የት ይጀምር የት ይለቅ ማንም አይቆጥርም። ስለዚህ ሰፋ አድርጎ በአንድ ጊዜ መተካት ይሻላል።

1. ፓችን አውጡ። ባዶ ሌየር ላይ ለመሥራት `Patch` የሚለውን `Content-Aware` አድርጉና `Sample All Layers` ምረጡ። `Normal` ላይ ከሆነ ባዶ ሌየር አይቀበልም። ያን ከፈለጋችሁ መጀመሪያ `Ctrl+Alt+Shift+E` ብላችሁ የሁሉንም ቅልቅል አዲስ ሌየር ሥሩና እሱ ላይ ሥሩ።
2. የስታንዱን አንድ እግር ክበቡት። ከእግሩ 10 ፒክስል ያህል ራቁ። ጥላውንም አብራችሁ ክበቡ። እግሩ ጠፍቶ ጥላው ሲቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።
3. ሴሌክሽኑን ወደ ጎን ጎትቱ። ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አትጎትቱ። ከካሜራው የራቀው ቄጤማ ትንሽ ሆኖ፣ ምናልባትም ደብዘዝ ብሎ ይታያል። የቀረበው ትልቅና ጥርት ያለ ነው። ወደ ጎን ስትሄዱ ርቀቱ አይቀየርም፤ መጠኑም ጥራቱም ይገጥማል።
4. `Structure` ን 4፣ `Color` ን 3 አካባቢ ጀምሩ። ሴሌክሽኑን ሳትለቁ ቁጥሮቹን መቀያየር ትችላላችሁ።
5. ሦስቱን እግሮች ለየብቻ ሥሩ። ለሦስቱም ከአንድ ቦታ አትውሰዱ።

ከተበላሸ፦ የጥገናው ጠርዝ ከደበዘዘ ሴሌክሽኑ እግሩን ነክቶታል፤ አስፉትና ድገሙ። አረንጓዴው ወደ ግራጫ ከሄደ `Color` ን ቀንሱ። የቄጤማው ዘለላዎች ግማሽ ላይ ተቆርጠው ከታዩ `Structure` ን ወደ 6 ከፍ አድርጉ፤ ወይም የተቆረጠውን ጫፍ ላይ በክሎን አንድ ሙሉ ዘለላ ጣል አድርጉበት። እኔ ብዙ ጊዜ የማደርገው የመጨረሻውን ነው።

ደረጃ 7፦ ዛፉንና የጣሪያውን ማዕዘን በጄኔሬቲቭ

ጃንጥላው የጣሪያውን ማዕዘን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። ሌላ ማዕዘን ፎቶው ውስጥ የለም። ክሎንም ፓችም የሌለ ነገር አይገለብጡም። የጄኔሬቲቭ ፊል ቦታ ይህ ነው። ከፎቶሾፕ 2024 ጀምሮ ባሉ ስሪቶች ላይ ብቻ ይገኛል። ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ሥራው የሚሠራው በአዶቤ ሰርቨር ላይ ነው። ስለዚህ የሰው ምስጢር ያለበት ፎቶ ከሆነ ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትጠቀሙት።

እስከዚህ ደረጃ ያቆየነው በምክንያት ነው። ጄኔሬቲቭ ዙሪያውን አይቶ ነው የሚሥለው። የዘንጉ ቁራጭ ከታች ተርፎ ካየ በላዩ ላይ የሚቀመጥ ነገር ይፈልግለታል፤ መብራት ወይም ምሰሶ ሠርቶ ይሰጣችኋል። ጥላ ብቻ ሲተርፍም እንዲሁ ለጥላው ባለቤት ይፈጥርለታል። አሁን ግን ጥለቱ ላይ ካለችው ጥቂት በቀር ዘንጉ ጠፍቷል፤ ሰማዩም ንጹህ ነው።

1. የቀረውን የጃንጥላ ክፍል ብቻ በላሶ ምረጡ። ከዚያ `Select > Modify > Expand` በ8 ፒክስል።
2. `Generative Fill` ጫኑ። መጻፊያውን ባዶ ተዉትና `Generate` በሉ። «ጃንጥላውን አጥፋ» ብላችሁ ብትጽፉ ጃንጥላ ሊሥልላችሁ ይችላል።
3. ሦስት አማራጭ ይመጣል። ቅጠሉን አትዩ፤ ጣሪያውን እዩ። የጣሪያው ሁለት ጠርዞች ቀጥ ብለው የሚገናኙበትን ምረጡ። ቅጠል በክሎን ይስተካከላል፤ የተጣመመ ጣሪያ ግን አድካሚ ነው።
4. ሴሌክሽኑ በማንኛውም ጎን ከ1000 ፒክስል የሚበልጥ ከሆነ ከፋፍላችሁ ሥሩ። ቱሉ ሲወጣ የሚሠራው በ1024 ፒክስል ነበር፤ ከዚያ የሰፋውን ለጥጦ ስለሚሞላ ይደበዝዛል። ስሪታችሁ አዲስ ቢሆንም 100% ላይ ጥራቱን ከጎረቤቱ ጋር አስተያዩ።

ከተበላሸ፦ የተሞላው ቦታ ከፎቶው ይልቅ የጠራና የለሰለሰ ከመሰለ የጎደለው ኖይዝ ነው። ማምሻ ላይ የተነሳ ፎቶ ነጠብጣብ አለው፤ የተሣለው የለውም። ከላዩ አዲስ ሌየር ጨምሩ፤ በ50% ግራጫ ሙሉትና `Overlay` አድርጉት። `Filter > Noise > Add Noise` ውስጥ `Gaussian` እና `Monochromatic` ምረጡ። በ3% ጀምሩና ከጎኑ ካለው ጋር እስኪመሳሰል አስተካክሉ። በማስክ ለተሞላው ቦታ ብቻ አስቀሩት።

ደረጃ 8፦ ጥለቱን በእጅ

ዘንጉ ከጥለቱ የሸፈነው የአውራ ጣት ስፋት እንኳ አይሆንም። ጄኔሬቲቭ በጥቂት ሰከንዶች ይሞላዋል። ግን አትሞክሩት።

በሌላ ሥራ ላይ እኔ ሞክሬዋለሁ። በጣም ያማረ ጥለት ሠራልኝ፤ እኔም አመስግኜ አስረከብኩ። ፎቶው ታትሞ ሲደርሳቸው የዚያ ቤተሰብ እናት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ጥለት የኔ አይደለም። የኔ መስቀሉ ድርብ ነው፤ ይሄ ነጠላ ነው» አሉኝ። አጉልቼ አየሁት፤ እውነታቸውን ነበር። በራሴ ወጪ ደግሜ አሳተምኩ። ጥለት፣ ጽሑፍ፣ የሰው እጅና ፊት ባለቤቱ በልቡ የሚያውቃቸው ነገሮች ናቸው። ለሌላው ሰው የሚመስል ነገር ለእሱ አይመስለውም።

1. ጥለቱ በግልጽ የሚታይበትን ሌላ ቦታ ፈልጉ። ከትከሻው ወደ ታች በሚወርደው ጠርዝ ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል።
2. የመስመሮቹን ቀለም ቅደም ተከተል ቁጠሩ። ወርቃማ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ ከሆነ በተሸፈነው ቦታም እንደዚያው መውጣት አለበት።
3. በክሎን ስታምፕ የአንዱ መስቀል ጫፍ ላይ ናሙና ውሰዱ። `Clone Source` ውስጥ የማዞሪያውን ዲግሪ ቀይሩ፤ ጨርቁ ታጥፎ ስለሚወርድ ማዕዘኑ አንድ አይሆንም። እዚህ ፎቶ ላይ 12 ዲግሪ ማዞር በቃኝ።
4. በትንሽ ብራሽ፣ `Hardness` 70% አድርጋችሁ፣ አንድ መስቀል በአንድ ጊዜ ሥሩ።
5. እጥፋቱ ላይ ያለው ጥላ ከጠፋ በመጨረሻ በአዲስ `Multiply` ሌየር ላይ በደካማ ብራሽ መልሱት።

ደረጃ 9፦ ከማስረከባችሁ በፊት

1. ፎቶውን በ`Image > Image Rotation > Flip Canvas Horizontal` ገልብጡት። ስትሠሩ የለመደው ዓይናችሁ ያለፈው መንታ ዝገትና የተጣመመ መስመር ሲገለበጥ ይታየዋል። ካያችሁ በኋላ መልሱት።
2. ስታንዱ የነበረበትን ሙሉ መስመር 100% ላይ ከላይ እስከ ታች ሂዱበት። በተለይ በደረጃ 3 የሠራችኋቸው መገናኛዎች ላይ ቆዩ።
3. ነጸብራቅ ፈልጉ። መነጽር ያደረገ ሰው ካለ ጃንጥላው ሌንሱ ውስጥ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይኖራል። ያን ተዉት፤ መብራት መኖሩን ፊታቸው ላይ ያለው ብርሃንም ይናገራል። ነጥቡ ዓይናቸውን ከሸፈነ ብቻ በትንሽ ክሎን ቀንሱት።
4. `PSD` ውን ከነሌየሮቹ አስቀምጡ። ለደንበኛው የሚሄደውን `JPEG` ለብቻው አውጡ። ደውለው «ይሄ የኔ አይደለም» ካሏችሁ የምታስተካክሉት አንድ ሌየር ብቻ ይሆናል።